ፍትሐት የተደረገላቸው ጡረተኛ

ሃምሳ አለቃ ሙላው ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ቤቱ የቆመው በፖሊስነት ባገለገሉበት ጡረታ ነበር። ልጃቸው አሰለፈች ያለዚያ በምን ታስታምማቸው? እሱንም ሊነጥቃት የሚፈልግ ተነሣባት።

ባለ ጡረታ በየዓመቱ ወገዳ ከተማ ገንዘብ ቤት ቀርቦ «አለሁ» ይላል። መነሣት ያቃተውን ደግሞ ጭቃ ሹሙና የንስሐ አባቱ ይመሰክሩለታል። ጭቃ ሹሙ ማን ነው ቢሉ፣ ጓዴ! በወሰን ክርክር ሙላው የረቱት፣ ቂሙን እንደ ልጅ አቅፎ ያሳደገ የአጎታቸው ልጅ።

ሙላው ታመው ሳሉ መነኮሱ። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞተ ተብሎ በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታልና ተደረገላቸው፤ ስማቸውም አባ ወልደ ገብርኤል ሆነ። የምስክርነቱ ጊዜ ሲደርስ ጓዴ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ወገዳ ሄደ። «ሙላው ፍትሐቱ ተደርጎለታል፤ ቆሜ አይቻለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፣ ተንኮለኛ! የገንዘብ ቤቱ ጸሐፊ፣ አቶ ባዩ፣ ፍትሐት ሲባል ቀብር እንጂ ምንኩስና አልታሰበውም፤ ክፍያውን አገደ።

አሰለፈች ገንዘቡን ልትቀበል ስትሄድ፣ «እግዜር ያጥናሽ፤ አባትሽ ሞተዋል» አላት።

«አፈር ያስበላው! ማን ነው ያለው?»

ጓዴ መሆኑን ስትሰማ እርር ድብን አለች። ግን አልጮኸችም። ጥርሷን ነክሳ፣ «ጌታዬ፣ ቤታችን መጥተው በዓይንዎ ይዩ። ጭቃ ሹሙም አብሮ ይምጣ፤ እሱ ከሌለ አልወድም» አለች። ከዚያ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ተክለ ማርያም ሄዳ፣ የቀድሞው ሙላውና የዛሬው አባ ወልደ ገብርኤል አንድ ሰው መሆናቸውን፣ በሕይወትም መኖራቸውን አጻፈች። ሁለቱን ስም አስገቡልኝ ብላ ለመነቻቸው።

ባዩ መጣ፤ ጓዴም አንገቱን ደፍቶ ተከተለ። በር ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ አሰለፈች ናት የጠራችው። ጓዴን ከአባቷ ራስጌ አስቀመጠችው።

«አቶ ጓዴ፣ እኚህ ሰው ሞተዋል?» አለ ባዩ።

ጓዴ አንገቱን እንደ ደፋ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ጮክ በል፤ በር ላይ ያሉት ይስሙህ!» አለች አሰለፈች።

«በሕይወት አለ» አለ ጓዴ ጮክ ብሎ። ባዩ ቃሉን ጽፎ አስፈረመው፤ የታገደውም ሳይጎድል እንዲከፈል አዘዘ። አሰለፈች ግን አልጠገበችም። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ ጓዴን በሰው ፊት እያስጠራች ከዚያችው ራስጌ ታስቀምጠዋለች። «በሕይወት አለ» ሲል ደስታዋ ሌላ ነበር። መምሬ ተክለ ማርያም «ልጄ፣ ይቅር በይው» ሲሏት፣ «ይመስክርና እምረዋለሁ» ትላለች፤ አትምረውም።

በአራተኛው ዓመት ከጓዴ ቤት ዋይታ ተሰማ። አሰለፈች ለወጉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትወጣ ስትል አባቷ ከአልጋቸው ጠሯት።

«አዲሱ ጭቃ ሹም ማን እንደሚሆን እዚያው ለቅሶው ላይ ጠይቂልኝ» አሏት፤ «የዘንድሮው ምስክርነቴ አልተሰጠም።»