አላምንም ባዩ ፊት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ "መቀስ" ይላታል። ስሙን ያወጡላት ለሥራዋ ብቻ ብለው አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል። ግን ሐቁ ይነገርላትና፣ ደንበኛዋን በገላው ሰድባ አታውቅም። ሱሪው ጠበበኝ ብሎ የመጣውን "ጨርቁ ሲታጠብ ገብቶ ነው" ትለውና ጎኑን ፈትታ ታሰፋለታለች። የሰው ገላ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ የሰፊ ሥራ እሱን መከተል ነው ባይ ናት። ይህን ያላወቀ ሰው፣ ያቺ ፎቶ ለምን እንዲያ እንዳንገበገባት አይገባውም።

ነገሩ የተነሳው ነርሷ ቀሚስ ልትለካ በመጣች ቀን ነው። ነርሷ የመቀስ አብሮ አደጓ፣ ምስጢረኛዋ፣ ከእህት የምትበልጥባት ሰው ናት። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ዚፑ ወገቧ ላይ ተንሻፎ እንቢ ብሏል። መቀስ ክር በጥርሷ ይዛ፣ አንድ ቅንድቧን ሰቅላ፣ ያንን ጠማማ ዚፕ አፍጥጣ ታየዋለች። ግድግዳ የሚጋራት ፎቶ አንሺ አዲስ ካሜራውን ሊሞክር በሩ ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ቀጭ አድርጎ አነሳት።

ያን ዕለት ከሰዓት ፎቶዋን በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፋት። በላይዋ "ዚፑ አልዘጋ አለኝ ስላት" ይላል፤ ከሥሯ ደግሞ በመቀስ አፍ፣ "ዚፑ ምን አጠፋ? አንቺ ነሽ እንጂ የሰፋሽው!" የነርሷን ጀርባ የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ቀልዱ ሐኪም ቤት ድረስ ተከትሏት ሄደ፤ መርፌ የምትወጋው በሽተኛ ሳይቀር ሳቀባት።

ነርሷ ያላለቀውን ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። "አንቺ ካላልሽው እሱ ከየት ያመጣዋል?" አለቻት።

"በእናቴ፣ አላልኩም! እኔ ያየሁት ዚፑን ነው።"

"ፊትሽ እኮ ይታያል" ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መቀስን ስታይ መንገድ ትሻገራለች።

ፎቶ አንሺው ግን "እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው! ዝነኛ አደረግኩሽ" ብሎ አለፈው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። መቀስ ጥርሷን ነክሳ ያዘችለት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሏታል፤ ጸሎቱን ትተወዋለች እንጂ ቂሟንማ አትተወውም።

ፎቶዋ ግን ሰፈር ውስጥ አልቀረችም። መጀመሪያ የኳስ ደጋፊዎች አገኟት። ለእነሱ ቀሚስና ዚፕ ምን ያደርግላቸዋል? የነርሷን ጀርባ ቆርጠው ጣሉት፣ የታችኛውን ስድብ ፋቁት፣ ፊቷን ብቻ አስቀርተው በጎኑ "ዘንድሮ ዋንጫው የኛ ነው ሲሉኝ" ብለው ጻፉ። ያኔ ስድቡ ወጥቶ አለማመን ገባ። ተማሪዎች ከደጋፊዎቹ ወሰዱና "ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና አደርኩ ሲለኝ" አሉ። ሚስቶች ከተማሪዎቹ ወሰዱና "ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው ሲለኝ" አሉ። መቀስ ይህን ስታይ ሥራው የራሷ መሰላት፤ አንድ የወረቀት ንድፍ ይዞ፣ ጨርቁን እየቀያየሩ መቁረጥ። ስፌቱ አይለወጥም፤ በግራ የሰው ንግግር፣ በቀኝ የእሷ ፊት።

ሰው ሁሉ ሲለምደው "ሲለኝ" የምትለዋም ቃል ቀረች። ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ይጻፋል፣ ፊቷ አጠገቡ ይቆማል፣ አንባቢው ውሸት መሆኑን ያውቃል። በኋላማ ጽሑፉም ቀርቶ ፊቷ ስቲከር ሆነ። አንዱ የሆነ ነገር ሲያወራ ከሥሩ ይለጥፉለታል፤ "ውሸትህን ነው" ማለት ነው። ዘግይተው የደረሱት ጡረተኞች ብቻ ኮስታራ ሰላምታ መስሏቸው በየማለዳው "እንደምን አደራችሁ" ከሚለው ጋር ይላላኩታል፤ ልጆቻቸው በሳቅ ይሞታሉ። አንዲት ሙሽራ ልትለካ መጥታ "ውይ! ውሸት የማታሳልፈው ሴትዮ አንቺ ነሽ እንዴ?" ብላ አቀፈቻት። የመጀመሪያውን ስድብ ማንም አያስታውሰውም። የሚያስታውሱት ነርሷና መቀስ ናቸው፤ አንዷ አምናው፣ ሌላዋ ተቃጥላ።

ፎቶ አንሺው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሠርግ ሥራ ይዞ ደልቦ ነበር። ግሩፕ የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ ስለ ፎቶዋ የሚያውቀው በለጠፋት ቀን የነበረውን ብቻ ነው፤ አስቂኝ ፊት፣ ዝነኛ ፊት። አንድ ቀን ፈገግ ብሎ መጣ።

"እትዬ፣ አዲስ ስቱዲዮ ልከፍት ነው። በሩ ላይ ትልቅ ባነር እሰቅላለሁ። ያቺን ፎቶሽን ብትፈቅጂልኝ ሰው እየሳቀ ይገባ ነበር።"

መቀስ ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም። "ምን ልትጽፍበት ነው?"

"'ፎቶዎን በቀጠሮው ቀን እናስረክባለን! አንድም ፎቶ አይጠፋም!'"

"ግሩም ነው። ፈቅጃለሁ፤ ግን ጽሑፉ በግራ፣ ፊቴ በቀኝ ይሁን። ሌላ ፎቶ እንዳታስገባበት። ጠርዙን እኔው እሰፋልሃለሁ፣ ንፋስ እንዳይቀደው።"

"አንቺ እኮ ቂም አታውቂም!" አላት። ጠርዙን በድርብ ክር ሰፋችለት።

ባነሩ በተሰቀለ ቀን መንገደኛው ሆዱን ይዞ ቆመ። ሰውዬው በገዛ በሩ ላይ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ "ውሸቴን ነው" ብሎ ሰቅሏላ! ፎቶ አንሺው ሳቁን ሲያይ ተሳካልኝ ብሎ ደስ አለው። የሠርግ አልበማቸውን ሲጠብቁ ልጅ የወለዱ ሙሽሮች እየመጡ ከባነሩ ሥር ፎቶ ተነሱ፤ እያንዳንዱ የጠፋበትን ፎቶ እየቆጠረ ለጠፈ። ቀጠሮ የያዙት አንድ በአንድ ሰረዙ። መቀስ በመስኮቷ እያየች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" አለች፣ ለልብስ መኪናዋ።

ነገሩ ሲገባው ፎቶ አንሺው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። "እትዬ፣ አውቀሽ ነው አይደል? ጉድ ሠራሽኝ እኮ!"

"አውቄ ነው።"

"ምን ላድርግልሽ? በይ ንገሪኝ፣ ይብቃኝ።"

እሷም ስንት ዓመት አፏ ውስጥ ያላመጠችውን ተፋችው። "ግሩፑ ላይ ጻፍ። ያን ስድብ የጻፍከው አንተ እንደሆንክ፣ ከእኔ አፍ እንዳልወጣ ጻፍ። ነርሷን ይቅርታ ጠይቃት።"

"እጽፋለሁ። አሁኑኑ።"

"ፎቶዬንም አድርግበት! ያዋረድከኝ በእሷ ነው፣ የምታነሳኝም በእሷ ነው። ስለ የትኛዋ ፎቶ እንደምታወራ ማንም አይሳሳት!"

ንዴት ዓይን የለውም። ያን ሁሉ ዓመት የፎቶዋን ስፌት ስትከተል የኖረች ሴት ይህን አዘዘች። እሱም እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ ከልቡ ጻፈ፤ "ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሷ በፍጹም አልተናገረችም። ነርሷን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።" በቀኙ ፊቷን አደረገና ላከው።

ሳቁ ጎረፈ። "በፍጹም አልተናገረችም፣ ሃሃሃ!" አለ አንዱ። "የባነሩ ሁለተኛ ክፍል ወጣ" አለ ሌላው። መቀስ ስልኩን ነጥቃ አየችው። ጽሑፉ በግራ፣ ፊቷ በቀኝ።

"አጥፋው!" ብላ ጮኸች። "ቶሎ አጥፋው!"

ከማጥፋቱ በፊት ግን ከሥሩ አንድ መልስ ገባ። ነርሷ ናት፤ በዚያ ግሩፕ ውስጥ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። አሁንም ቃል አልጻፈችም። ስቲከር ነው የላከችው፤ ክር በጥርሱ የነከሰ፣ አንድ ቅንድቡን የሰቀለ ፊት።

ፎቶ አንሺው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያት። "እትዬ፣ እኔ እኮ እውነቱን ነው የጻፍኩት" አላት።

"አምንሃለሁ" አለችው። ከሰፈሩ ሁሉ ያመነችው እሷ ብቻ ነበረች።