ጸሐፊው ከፋለና የሰሜኑ መጋዘን

ከፋለ ከመንዝ ወደ መቐለ የመጣው ጣልያን በወጣ በማግስቱ ዓመት ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ያምር ስለ ነበር የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረው። በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ስለ ተረፈ ፊቱ ተቦርቡሮ ነበር፤ ሰው ሲያየው ቶሎ ዓይኑን ይሰብራል፣ እሱ ግን ለምዶታል። ጥርት ያለ ወረቀት፣ ትክክለኛ ማዕርግ፣ በተራው የተቀመጠ ፊርማ ይወዳል። ደብዳቤ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ አንድ ደረጃ መዝለል ለእሱ ነውር ነበር።

በ፲፱፻፴፱ ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ባለው ዓርብ ጠዋት አንድ የወሎ ነጋዴ ቢሮው በር ላይ መጥቶ ቆመ። ስሙ ሸረፈዲን ነው፤ ከአፋር ጨው ጭነው የሚመጡ ግመሎችን ይመራል። ወደ ውስጥ እንዲገባ ቢጠየቅም እምቢ አለ።

«ከዚሁ ሆኜ ልንገርህ፣ ጸሐፊ። ሦስት ሰዎች ታመውብኛል። ትኩሳት ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬ ፊታቸው ላይ ወጣባቸው። ምን እንደ ሆነ አንተ ታውቀዋለህ።» ዓይኑ የከፋለ ፊት ላይ ነበር።

«የት ናቸው?»

«በውቅሮ መንገድ፣ ጣልያን ትቶት በሄደው መጋዘን። ሃያ ሁለት ነን። ወደ ገበያ አልገባንም። ጠባቂ ስጡን፤ እህልና ውሃ የሚያመጣልን ሰውም ስጡን።»

ከፋለ ወዲያው ለከተማው ሹም ለባላምባራስ ነገራቸው። ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን የሥልጣናቸውን ወሰን ያውቁ ነበር። መጋዘኑ ከከተማው ድንበር ድንጋይ ሁለት መቶ እርምጃ ወዲያ ነው። መሬቱ የወረዳው ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ እዚያ ሰው ሊያግድ አይችልም።

«ለወረዳው ገዥ ጻፍ» አሉት።

«ለጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤትስ? ክትባት ከአዲስ አበባ የሚጠየቀው በእነሱ ቴሌግራም ነው።»

«ወረዳው ሳይመልስልን ወደ ላይ ብንጮህ ምን ይሉናል? መልሱ ይምጣ።»

ከፋለ ጻፈ። ደብዳቤው ቆንጆ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወረዳው ገዥ ከፊታውራሪ መልስ መጣ፦ ነጋዴዎቹ የመጡት ለከተማው ገበያ ስለ ሆነ ነገሩ የሚመለከተው ማዘጋጃ ቤቱን ነው። ከፋለ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ባላምባራስ ወደ ቤተ ዘመድ ለቅሶ ሄደው ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ከእሱ ወንበር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ያለ አለቃው ፊርማ መሄድ ግን አልደፈረም፤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አኑሮ ቤቱ ገባ።

መጋዘኑ ጋ ጠባቂም እህልም አልደረሰም። እሑድ ረፋዱ ላይ የራባቸው አምስት ሰዎች ሸረፈዲን ቢለምናቸውም ተነሥተው ከተማ ገቡ። ዳቦ ፈልገው በየበሩ ዞሩ። ከመካከላቸው አንዱ ትኩሳት ጀምሮት ነበር።

ሰኞ ጠዋት የከፋለ የቤት አከራይ ተዋበች ውሃ እየቀዳች አጫወተችው። ባሏ የሞተባት፣ ዳቦ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት።

«ትናንት ገበያዬ ጥሩ ነበር፣ አያ ከፋለ። የጨው ነጋዴዎች መጥተው ሁሉንም ወሰዱልኝ። አንደኛው አሞት እደጃፌ ተቀምጦ ነበር፤ የኔአለም ውሃ አጠጣችው።»

የኔአለም የሰባት ዓመት ልጇ ናት። ከፋለ ወዲያው ወጣ። ማዘጋጃ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ዋና ዲሬክተር ሄደ። የአለቃው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ስላልያዘ ዘበኞቹ በር ላይ አስቆሙት፤ ዲሬክተሩ ሲወጡ መንገዱን ዘጋባቸውና ሁሉንም ነገራቸው።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ባላምባራስ፣ ፊታውራሪ፣ የፖሊሱ ሻለቃና ከሐኪም ቤቱ ደሳለኝ የሚባል ቁስል አጣቢ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ፊታውራሪና ባላምባራስ ስለ ድንበሩ ድንጋይ ጀመሩ።

«ድንጋዩን ተዉት» አሉ ዲሬክተሩ። «ፊታውራሪ፣ የገጠሩ መንገድ የእርስዎ ነው፤ በየመንደሩ ያለው ጭቃ ሹም እንግዳ እንዳያሳድር፣ የታመመ ካለ በዚያው ቀን እንዲያስታውቅ። ባላምባራስ፣ መጋዘኑ የትም መሬት ላይ ይሁን እህሉ፣ ውሃው፣ ቀብሩ የእርስዎ ነው። ዛሬ ገበያ አይቆምም። ሻለቃ፣ በሩን ያስጠብቁ፤ የሚቆሙት ግን ፈንጣጣ ወጥቶላቸው የዳኑ ብቻ ይሁኑ። ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ቴሌግራሙን እኔ አሁን እልካለሁ፤ ክትባቱን የሚሰድ እሱ ነው።»

ከዚያ ወደ ከፋለ ዞሩ። «አንተ በየጠዋቱ ከአራቱም ወሬ ሰብስበህ በአንድ ወረቀት ታመጣልኛለህ። ሌላ ማንም ለብቻው አይጽፍልኝም።»

ከፋለ ደሳለኝን በረንዳው ላይ ያዘው። «ትናንት በሽተኛ የነካ ሰው ቢከተብ ይድናል?»

«በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ቢይዘውም ይቀለዋል። ከዚያ ካለፈ አላውቅም።»

«ክትባቱ መቼ ይደርሳል?»

«ነገ መኪናው ከተነሣ፣ መንገዱ ደግ ከሆነ ቅዳሜ።»

ከፋለ በጣቱ ቆጠረ። ቴሌግራሙ ዓርብ ሄዶ ቢሆን ረቡዕ ይደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጋዘኑ ጋ ይሄዳል። ለአስታማሚነት የተገኘችው ሙሚና የምትባል የወሎ ሴት ናት፤ እሷም እንደ እሱ ፊቷ የተቦረቦረ ነበር። በሽተኞቹን ታጥባለች፣ አጥሚት ታጠጣለች። «ይህ ፊት ዛሬ ለሥራ በቃ» አለችው አንድ ቀን፤ አልሳቀችም። ከፋለ የሕያዋኑንና የሙታኑን ቁጥር ከእሷ እየተቀበለ ይመለሳል።

ክትባቱ ቅዳሜ ማታ በርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ደረሰ። እሑድ ደሳለኝ የከተማውን ሰው አሰልፎ መከተብ ጀመረ። ሰዉ ፈርቶ ሲሸሽ ባላምባራስ ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው በሕዝብ ፊት ቀደሙ። የኔአለምም ተከተበች፤ በሽተኛውን ውሃ ካጠጣች ሰባተኛ ቀኗ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ትኩሳት ያዛት። ተዋበች መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ልጇን ለሙሚና ስታስረክብ ከፋለ አጠገቧ ነበር።

«አንተ እኮ እዚያ ነው የምትሠራው፣ አያ ከፋለ። ቀድመህ ሰምተህ አልነበረም?»

«ሰምቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

ተዋበች ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ተመለሰች። ልጅቱ ትኩሳቱ በያዛት በዘጠነኛው ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሞተች። ከፋለ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር አብሮ ቆፈረ፤ እናትየዋ እንድትቀርብ አልተፈቀደላትም።

መጋዘኑ የካቲት ሲያልቅ ተዘጋ። ከከተማው ስድስት፣ ከነጋዴዎቹ አምስት ሰው ሞተ። በየመንደሩ ግን ጭቃ ሹሞቹ መንገድ ስለ ዘጉ በሽታው ከሁለት ቤት አላለፈም። የመጨረሻውን ሐተታ የጻፈው ከፋለ ነው። በመካከሉ እንዲህ የሚል አስገባ፦ «ወረዳው ቅዳሜ የመለሰው ደብዳቤ እስከ ሰኞ በእኔ በጸሐፊው መሳቢያ ቆይቷል።»

ባላምባራስ ይህን ሲያነቡ ቀና አሉ። «ይህን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ከተላከ ከሥራ ትወጣለህ። ዓርብ ‹መልሱ ይምጣ› ያልኩህ ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ያ ከፍ ብሎ ተጽፏል፣ ጌታዬ።»

ባላምባራስ ወደ ላይ መለስ ብለው አነበቡት። ብዕራቸውን አነሡና ሳይሰርዙ ፈረሙ። ከፋለ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣ፤ ከሥራው ግን አልወጣም። ባላምባራስ በሰኔ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ። ከጠቅላይ ግዛቱም አንድ ትእዛዝ መጣ፦ በወረርሽኝ፣ በእሳትና በጎርፍ ጊዜ ያየው ሹም፣ መሬቱ የማንም ይሁን፣ በዚያው ቀን ለሁሉም ያስታውቅ የሚል። ከፋለ በአሥራ አራት ቅጂ ገለበጠው።

ተዋበች ከቤቷ አላስወጣችውም። ጠዋት ጠዋት ሰላምታውን ትመልሳለች፤ አያ ከፋለ ብላ ግን ዳግመኛ አልጠራችውም።