አናቴዝ ያልነበረው ዱቄት

ጅማ ማስተርሴን ስማር የተሰጠኝ ሥራ በሰርቦ አካባቢ ከቡና ማጠቢያ የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ በፀሐይ ብርሃን ማጥራት ነበር። ለዚህ የምጠቀምበትን ነጭ የቲታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት የሠራው ከእኔ በፊት የነበረ ተማሪ ነው፤ የኤክስሬይ ግራፉ ላይ «አናቴዝ» ተብሎ ተጽፏል፤ በብርሃን ቆሻሻን በደንብ የሚያጠራው የዱቄቱ ዓይነት ማለት ነው። ውሃው ግን አልጠራ አለ።

«አሠራርሽ ነው ችግሩ» አሉኝ አማካሪዬ።

ተናድጄ ግራፉን ከመደበኛው ጋር አስተያየሁት። የአናቴዝ ትልቁ ጫፍ ሃያ አምስት ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት፤ እዚያ ምንም የለም። ትልቁ ጫፍ ሃያ ሰባት ላይ ነው። ይህ ሩታይል ነው፤ ንጥረ ነገሩ ያው ሆኖ አተሞቹ በሌላ መልክ የተደረደሩበት፣ ውሃም እንደ አናቴዝ የማያጠራ። ዱቄቱ ምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ ግሎ ተለውጧል ማለት ነው። ሮጬ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው።

«ናሙናው ማሽኑ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጫፉን ገፍቶት ይሆናል።»

«እሱ የሚገፋው ትንሽ ነው። ደግሞ የቀሩት ጫፎች ሁሉ ከሩታይል ጋር ገጥመዋል።»

«ይህንኑ ዱቄት አናቴዝ ብለን ያሳተምነው ጽሑፍ አለ። አናቴዝ ብለሽ ጻፊ።»

«አልጽፍም።»

«ማል ጄቴ?» አሉ፣ ምን አልሽ ለማለት፤ ሲቆጡ ኦሮምኛ ይቀድማቸዋል።

«ያልሆነውን አልጽፍም አልኩ፣ ዶክተር።»

በአነስተኛ ሙቀት አዲስ ዱቄት ሠራሁ። ጫፉ ሃያ አምስት ላይ ወጣ፤ ውሃውም ጠራ። የመመረቂያ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ባቀረብኩበት ቀን ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አሳየሁ። ፈታኞቹ ወደ አማካሪዬ ዞሩ። እሳቸውም የድሮውን ግራፍ አይተው «ሩታይል ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሉኝም። እኔ ግን ባገኘኋቸው ቁጥር ቀና ብዬ፣ ጮክ አድርጌ፣ «እንደምን ዋሉ» እላቸዋለሁ።