ገጣሚውና ሲኖትራኩ

አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቃሊቲ መንገድ ላይ ጓደኞቼ እያዩኝ በሚሄድ ሲኖትራክ ኋላ ተንጠለጠልኩ። ይህን የነገርኩት ለትምህርት ቤታችን አማካሪ ብቻ ነው፤ «እዚሁ ይቀራል» ብላኝ ነበር።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ግጥም ላነብ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ አማካሪዋ ስለ ጉርምስና አንጎል አስረዳች። ደስታን የሚያሳድደው ክፍል ቀድሞ ይነቃል፤ መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አይጨርስም።

«ግጥም የሚጽፈው ልጃችን ሲኖትራክ ላይ የተንጠለጠለው ጓደኞቹ ስላዩት ነው» አለች። «ብቻውን ቢሆን አይሞክረውም ነበር።»

«ገጣሚ ነው ወይስ ረዳት?» አሉ አንዲት እናት ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። አማካሪዋ ስሜን አልጠራችም፤ በትምህርት ቤቱ ግጥም የሚጽፍ ግን ከእኔ ሌላ አልነበረም።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አስራ ስምንት ሲሞላኝ መንዳት ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

«አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እንግዲህ መሪ የምትይዘው ሃያ አምስት ሲሞላህ ነው።»

አማካሪዋ፣ ያ የፊተኛው የአንጎል ክፍል የሚጎለብተው ልጁ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ ሲለማመድ ጭምር ነው እያለች ነበር። አባቴ መስማቱን ትቷል። ግጥም እንዳነብ ስትጠራኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ከአዳራሹ ወጣሁ።