ሀረገወይንና የባሏ አንጀት

ሀረገወይን ኦክላንድ አየር ማረፊያ አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ ማጠብና ማጠፍ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ወገቧም ጉልበቷም ይህን ያውቃሉ። ላለፉት አስራ አምስት ወራት ደግሞ ማንም ያልቀጠራት ሁለተኛ ሥራ አላት፤ ባሏን በደም ሥሩ ትመግባለች።

ባሏ ተገኘ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ነበር። አንድ ጠዋት ሆዱን ይዞ ወደቀ። ለአንጀቱ ደም የሚያደርሰውን ቧንቧ የረጋ ደም ዘግቶት ኖሯል፤ ሐኪሞቹ ሲከፍቱት የትንሹ አንጀት አብዛኛው ክፍል ጠቁሮ ሞቶ አገኙት። የሞተውን ቆርጠው አወጡና አንድ ሜትር ከአስር ሴንቲ ያህል ብቻ ተረፈው። የተረፈው ጫፍ በሆዱ ቆዳ ላይ ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ይፈሳል። ደንዳኔው፣ ማለትም ትልቁ አንጀት፣ ሳይቀጠል ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሰው በዚህች አንጀት ብቻ በልቶ አይኖርም ተባለ።

ስለዚህ በደረቱ መስመር የሚሉት ቀጭን ቱቦ ገባ፤ ጫፉ ልብ አጠገብ ካለው ትልቅ ደም ሥር ይደርሳል። ሀረገወይን ሁልጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነጭ ከረጢት ታንጠለጥላለች። ስኳሩ፣ ፕሮቲኑ፣ ስቡ፣ ጨውና ቫይታሚኑ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት እየተንጠባጠበ ይገባል። ከዚያ በፊት ጠረጴዛውን ትወለውላለች፣ ማስክ ታደርጋለች፣ እጇን ታሻለች፣ የመስመሩን አፍ በአልኮል አስራ አምስት ሰከንድ ትፈትጋለች፣ እስኪደርቅም ትጠብቃለች። ለአፍታ ብትዘናጋ ተህዋሲው ቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ሁለት ጊዜ ገብቷል። ሁለተኛው ጊዜ ተገኘ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ተንዘፈዘፈ፤ መስመሩ ተነቅሎ በሌላው ወገን አዲስ ገባ። የሁለቱም ጊዜ ጥፋት የማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ እሷ ግን ለራሷ ነግራለች።

በዚህ ላይ የጉበቱ ምርመራ እየከፋ ሄደ። በየሦስት ሳምንቱ ሳን ሆዜ ላለው የአንጀት ክሊኒክ ሲሄዱ ዶክተሯ ቁጥሩን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች።

«በደም ሥር መመገብ ሕይወቱን አትርፎለታል» አለች ዶክተሯ አንድ ቀን፤ ቤዚ ታስተረጉማለች። «ግን ሁልጊዜ በዚህ ብንቀጥል ጉበቱ ይደክማል። መስመር የምናስገባባቸው ደም ሥሮችም እያለቁ ነው። አንጀት ደግሞ ምግብ ካላገኘ ይሰንፋል፤ ካገኘ ይማራል። ስለዚህ የተረፈችውን አንጀት እንፈትናት።»

ቤዚ የክሊኒኩ የአመጋገብ ባለሙያ ናት፤ ወላጆቿ ኮንኮርድ ከተማ ነው የሚኖሩት፣ እሷም እዚሁ አሜሪካ ስላደገች አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር እየተጋፋ ይወጣል። ፈተናውን እሷ አስረዳቻቸው። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ ይገባል፤ ፈሳሽ ምግብ በትንሽ ፓምፕ ጠብ ጠብ እያለ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። «በአንዴ ብዙ ከመጣባት አንጀቷ ኦቨርዌልም ትሆናለች» አለች ቤዚ፣ «ቀስ ብሎ ከመጣ ግን አብዛኛውን ትይዘዋለች።» የስድስት ሳምንት ሙከራ ነው። የሆዱ ከረጢት በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በታች ከሆነ፣ ሽንቱም ክብደቱም ካልቀነሰ፣ የደም ሥሩ ከረጢት እየተቀነሰ ይሄዳል። ካልሆነ ቱቦው ይነቀላል፣ በደም ሥሩ ይቀጥላል፤ ስሙም ለአንጀት ንቅለ ተከላ ይተላለፋል።

ሀረገወይን ያን ቀን ከአስራ አምስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ የሚባለውን ነገር አየች። ተስፋ ሲመጣ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኦክላንድ ካለው ቤተ ክርስቲያን በትልቅ ጆግ ጠበል ቀዳች። መጠመቁማ አይሆንም፤ ደረቱ ላይ ያለው መስመር እርጥበት አይወድም ተብሏል። መጠጣት ግን ይችላል። ጠዋት ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ሦስት ትልልቅ ኩባያ። ያለ ጠበል የሚሞከረውን ሙከራ እሷ ሙከራ አትለውም ነበር።

ቤዚ በሰጠቻት ደብተር ደግሞ ባሏ የቀመሰውን ሁሉ ትጽፋለች። ፓምፑ ስንት እንዳወረደ፣ ከረጢቱ ስንት እንደሞላ፣ ሁለት ማንኪያ ሾርባ፣ ግማሽ ሙዝ። አንድ ብስኩት እንኳ ሳታስቀር ትጽፋለች፤ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትቆጥርም እንዲህ ናት። ጠበሉን ግን አልጻፈችም። አልደበቀችውም፤ ጠበል መጠጥ ነው የሚል ሐሳብ ወደ ጭንቅላቷ ስላልመጣ ነው።

የሆዱ ከረጢት በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ሞላ። በሦስተኛው ሦስት ሊትር አለፈ። ሰውዬው ከንፈሩ ደረቀ፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ ሲቆም ዓይኑ ይጨልምበታል። በተጠማ ቁጥርም ከጆጉ ይጨምራል፤ እሷም ታበረታታዋለች። ማታ የደም ሥሩን ከረጢት፣ ቀን ፓምፑን፣ መሀል ላይ የሆዱን ከረጢት መድፋት፤ ሆቴሉ ውስጥ ልብስ ማድረቂያው ላይ ተደግፋ ቆማ ታንቀላፋለች።

በአምስተኛው ሳምንት ሳን ሆዜ ሲሄዱ ዶክተሯ ደብተሩን አገላብጣ ዘጋችው። «አንጀቱ አልቻለችም» አለች። «ሐሙስ ቱቦውን እንነቅላለን።» ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ወጣች።

ተገኘ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። ሀረገወይን ምንም አልተሰማትም፤ ድካም ብቻ።

ቤዚ ግን አልወጣችም። ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣ ቀረች። «እትዬ ሀረግ፣ ይሄ ሽንት ቴስት ዊርድ ነው፣ ግራ ያጋባል። ሶዲየም የለውም ማለት ይቻላል። ሰውነታቸው ጨው ያጣል፤ የት እንደሚሄድ አልገባኝም። ደብተሩ ላይ ያልጻፉት የሚጠጡት ነገር አለ? ሻይ? ውሃ?»

«ውሃ እንኳ አይጠጣም። አንቺው ቀንሱ አላልሽም?»

«አልኩ። ለምን እንዳልኩ ግን በደንብ አላስረዳሁም፤ ማይ ባድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች። «ባዶ ውሃ እንዲህ አጭር አንጀት ላይ ሲወርድ ከደም ውስጥ ጨው ይስባል። ጨው ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል። ስለዚህ አንድ ሊትር ቢጠጡ ከአንድ ሊትር በላይ ይወጣል። እና ይጠማቸዋል፣ ደግመው ይጠጣሉ።»

ለሀረገወይን ጆጉ ታያት፤ ሦስቱ ኩባያ፣ ቀጥሎ የሚጨመረው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ሐሙስ ቱቦው ይነቀላል፣ ጥፋቱ የዚያች አጭር አንጀት ይሆናል። ብትናገር ደግሞ ይቺ ልጅ በጠበል ትስቃለች፤ ባሏም ይህን ያህል ወር የደከመችለት ሚስቱ በገዛ እጇ እንዳደረቀችው ይሰማል።

«ጠበል» አለች። «ጠዋት ጠዋት ሦስት ኩባያ። ሲጠማውም። እኔ ነኝ የምሰጠው።»

ቤዚ አልሳቀችም። «ስንት ይሆናል ባጠቃላይ?»

«ሁለት ሊትር አይሞላም» አለች፤ ከዚያ ትንሽ አስባ፣ «ይሞላል» አለች።

ቤዚ ተነሥታ ሮጠች። ዶክተሯ ተመለሰች፣ ቁጥሩን እንደ አዲስ አየች፣ ሁለት ሳምንት ጨመረች። በባዶ ውሃ ፋንታ ጨውና ስኳር የተለካበት ውሃ በትንሽ በትንሹ፤ ሌላ ፈሳሽ ሁሉ በቀን ከግማሽ ሊትር አይበልጥ። «ጠበሉን ከፈለጉ» አለች ቤዚ፣ «እዚህ ውስጥ አንድ ማንኪያ ይጨምሩ። ኢትስ ኦኬ። እናቴም የምትጠጣው ነገር ነው፤ እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ።»

ወደ ኦክላንድ ሲመለሱ የምትነዳው ሀረገወይን ናት። ሰላሳ ዓመት የነዳ ሰው ጎን ተቀምጦ መንዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ሌይን ቀይሪ፣ ቀስ በይ፣ አሁን አትገቢ። ያን ቀን ግን ተገኘ ስለ ሌይን አላነሣም።

«አላቆምም» አለ።

«ምኑን?»

«ጠበሉን። ቱቦውን ይንቀሉት ከፈለጉ። ከዚህ ሁሉ ፕላስቲክ መሀል ሰው መሆኔን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። በማንኪያ? መድኃኒት አደረጉት እኮ! ደም ሥሬ ይበቃኛል፤ ለምጄዋለሁ።»

ሄይዋርድ ከተማ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጣች። ነዳጅ ማደያ ገብታ ሞተሩን አጠፋች።

«አንተ ለምደኸዋል» አለች። «አንተ ተኝተህ ነው የሚገባልህ። እኔ ነኝ እንዳላበክለው እየፈራሁ የማንጠለጥለው። በየማታው ልገድልህ እችላለሁ፤ ገባህ? አንድ ቀን ደክሞኝ እጄን በደንብ ሳልታጠብ፣ አንድ ቀን አስራ አምስቱን ሰከንድ ሳልቆጥር። ሁለት ጊዜ ሊሆን ነበር። ደከመኝ ተገኘ። አልቻልኩም። ለእግዚአብሔርም ነግሬዋለሁ፤ ለአንተ ነው ያልነገርኩህ።»

ተገኘ በሠላሳ ዓመት ትዳር ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ዞሮ አያት። ፊቷ ከእሱ ይልቅ የበሽተኛ ይመስል ነበር። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ሞተሩን አስነሥታ ወደ መንገዱ ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ቱቦው ካፍንጫው ተንጠልጥሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የቤዚን ወረቀት እያየ ጨው ይለካል። ከጠበሉ አንድ ማንኪያ ጨመረበት፣ አማተበ፣ ጎንጭ አድርጎ ፊቱን አጨፈገገ። «እንባ እንባ ይላል» አለ።

በስምንት ቀን ከረጢቱ ወደ አንድ ሊትር ከስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ወረደ፤ በአስራ አራተኛው ቀን አንድ ሊትር ከሦስት መቶ ሆነ። ሽንቱ ጠራ። ዶክተሯ የአፍንጫውን ቱቦ በሆድ በኩል ጨጓራ ውስጥ በሚገባ ቋሚ ቱቦ እንደምትቀይር፣ በኋላም ያን ሥራ ፈት ደንዳኔ ስለ መቀጠል ከቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጋር እንደምትመክር ነገረቻቸው። የደም ሥሩ ከረጢት በሳምንት ከሰባት ማታ ወደ አራት ወረደ። አልዳነም፤ አራቱ ማታ አሁንም አለ፣ ምናልባትም ሁልጊዜ ይኖራል።

ከረጢት የሌለበት የመጀመሪያው ማታ ማክሰኞ ነበር፤ በሱ ፋንታ ፓምፑ ሌሊቱንም ይሠራል። ሀረገወይን ከሥራ ገብታ ሶፋው ላይ ጎኗን አሳረፈች። «ፓምፑን አያይዝልሃለሁ፣ ትንሽ ልረፍ» አለች።

«ተኚ» አለ ተገኘ። «ይሄኛው ማስክ አይፈልግም፣ ጓንት አይፈልግም። እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል ብላለች ልጅቷ። ራሴ አያይዘዋለሁ።»

እሷ ግን አልሰማችውም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወስዷታል።