ለአንድ የጠዋት አውቶቡስ

በሐይቅ ከተማ ምክር ቤት ፊት እንድናገር የተመረጥኩት አማርኛ አስተማሪ በመሆኔ ብቻ ነበር። «መጀመሪያ ችግሩን፣ ቀጥሎ ማስረጃውን፣ ከዚያ አማራጮቹን፣ በመጨረሻ የምትጠይቁትን ተናገሩ» እያልኩ ተማሪዎቼን ሳደክም የሰማ አንድ የቀበሌ ሰው፣ «እስቲ አንቺው አሳዪን» አለኝ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ እሺ አልኩ።

ችግሩን ለማወቅ መማር አያሻም ነበር። በደርግ ዘመን፣ በእነዚያ ዓመታት፣ ከሐይቅ የሚነሳ አንድም አውቶቡስ አልነበረንም። ከወልድያ የሚመጡት በውጫሌ አድርገው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ሞልተዋል። ሾፌሩ ከሩቅ እጁን ያወዛውዝልናል፣ እኛም አቧራውን ቅመን እንመለሳለን። ሆስፒታሉ ደግሞ ደሴ ነው።

ሕዝቡ የሚተርፈው በአንድ ሰው ነበር። የሰፈራችን ሾፌር እህል ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ በሽተኛ ካለ ጆንያው ላይ ያስተኛዋል። ጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ክልክል ነው። ያ ብቻ ቢሆን ቅጣቱን ከፍሎ በወጣ። ግን ጎረምሶች ለውትድርና የሚታፈሱበት ጊዜ ነበርና፣ ሰው በጭነት መኪና ሸሽጎ የሚያሳልፍ ሁሉ ከዳተኛ አስኮብላይ ተብሎ ይጠረጠር ነበር። በዚህ ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው ደግሞ የት እንደገባ አይጠየቅም።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት የቅሬያችን ዳኛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ለእኛ መቅበሪያ ብቻ አይደለም። እስላም ክርስቲያን ሳይል በሽተኛ ይሸከማል፣ ቤት ያቆማል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ዳኛው በአደባባይ የተናገሩትን የቅሬ ሰው አያፈርስም። ያፈረሰ፣ ለቅሶ ቢደርስበት ደጁን የሚረግጥለት አያገኝም።

«ልጄ፣ የመኪናይቱን ነገር እንዳታነሺ» አሉኝ።

«አባባ፣ ሦስተኛው አማራጬ እኮ ነው! በቂ መኪና እስኪመጣ የጭነት መኪናዎች በፈቃድ ሰው ያሳፍሩ ልል ነበር።»

«ወላሂ፣ እሱን ያልሽ ቀን ያንን ሾፌር ልጅ ቀበርሽው። ሁለቱ ይበቁሻል። አብሽሪ።»

ተናደድኩ። ከሁሉ የሚሻለው አማራጭ እሱ ነበር። ግን ሰረዝኩት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩና የምክር ቤቱ አባላት ከፊት ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ዳር ከአውራጃ የመጣ ካድሬ በክብሪት እንጨት ጥፍሩን ይጠርጋል። የምክር ቤት አባል አይደለም፤ ሆኖም ሊቀ መንበሩ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት እሱን ያየዋል። ሾፌራችን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር። ለምን እንደመጣ አላውቅም፤ ባይመጣ ደስ ባለኝ።

ችግሩን ተናገርኩ። ከዚያ ማስረጃውን። «ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ ምጥ የያዛት ጎሕ ሲቀድ ነው» አልኩ። «አዋላጇ ልጁ ተጋድሟል፣ ሆስፒታል ትድረስ አለች። አስፋልቱ ዳር አንጥፈንላት ቆምን። አንዱ አውቶቡስ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ቆም ብሎ፣ ረዳቱ አይቷት አዝኖ፣ በሩን ዘጋው። ጥላው ዞሮ ፀሐይ እስኪያገኛት እዚያው ነበረች።» ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ።

አማራጮቹን ቀጠልኩ። አንደኛው፣ የወልድያ ስምሪት ለሐይቅ ተሳፋሪ ጥቂት ወንበር ክፍት አድርጎ እንዲልክ፤ ይህ ቀላል ነው፣ ግን ወንበሩ መንገድ ላይ መሸጡን ማን ይቆጣጠራል? ሁለተኛው፣ ከደሴ አንድ አውቶቡስ ማታ መጥቶ እዚህ አድሮ፣ ጠዋት ከእኛው ተነስቶ እንዲሄድ። «አውቶቡስ መመደብ የእናንተ ሥልጣን እንዳልሆነ እናውቃለን» አልኩ። «መዳቢው ደሴ ያለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለተኛውን በምክር ቤቱ ማኅተም እንድትጠይቁልንና አውቶቡሱ የሚያድርበትን ቦታ እንድትሰጡ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ራሱን ነቀነቀ። እንዲያውም ከገበያው በላይ ያለው ሜዳ ይበቃል አለ። ደረስን ብዬ ልቤ ዘለለ።

ካድሬው የክብሪት እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጓድ መምህርት፣ ጥሩ ተናግረሻል። ሴትዮዋ ወለደች?»

«ወለደች።»

«የት?»

«ደሴ፣ ሆስፒታል።»

«አውቶቡስ ካልጫናት» አለ ዝግ ብሎ፣ «በምን ደረሰች?»

ወደ በሩ ላለማየት አንገቴን አደነደንኩ። ሌላውም እንደዚያው፤ ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ አንድ ቦታ ላለማየት ሲታገል አይቼ አላውቅም።

ዳኛው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። «በቃሬዛ ነው። ቅሬው ተሸክሟታል።»

«እስከ ደሴ? ያን ዳገት?»

«እስከ ደሴ። እየተቀባበልን።»

ካድሬው ሰዉን አየ። «እነማን ናችሁ የተሸከማችሁ?»

የቅሬው ወንዶች ሁሉ ተነሱ። ሾፌሩም ተነሳ።

ካድሬው ፈገግ አለ። ማመኑን ወይም አለማመኑን እስከ ዛሬ አላውቅም። «እንግዲህ የተደራጀ ሕዝብ ችግሩን በራሱ ክንድ መፍታት እንደሚችል ማስረጃው ይኸው። ምን አውቶቡስ አስፈለገ? ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ቃሬዛ ይሠራ።» ሊቀ መንበሩ አየውና እጁን አወጣ። ሁሉም ተከተሉ። ካድሬው ሲወጣ ሾፌሩ ፊት ቆሞ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጠንካራ ትከሻ ነው» አለው። ከዚያ ቀን ወዲያ በደሴ በኩል ባለው የከተማው መውጫ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ተመደቡ፤ የጭነት መኪናው ባለፈ ቁጥር ሸራውን ይገልጣሉ።

ክረምቱ እንደወጣ ዳኛው ታመሙ። ሆዳቸው ተነፍቶ መቀመጥ አቃታቸው። አውቶቡሶቹ እንደ ልማዳቸው አለፉ። ሾፌሩ መኪናውን ደጃቸው ድረስ አምጥቶ፣ «አባባ፣ ይውጡ፣ የመጣው ይምጣ» አላቸው።

«ተው ልጄ። እነዚያ ሸራህን ሲገልጡ እኔን ቢያገኙ ያችንም ሴት በምን እንዳደረስካት ያውቃሉ። ዋሽቻለሁ፣ አላህ ይማረኝ። ያልኩትን ግን እኔው አላፈርሰውም። ቃሬዛው አለ አይደል?»

ለመንናቸው። እኔማ ተቆጣኋቸው፣ አልቅሼ ጮህኩባቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ስለዚህ ተሸከምናቸው። ምክር ቤቱ ያሠራው ቃሬዛ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ይከብድ ነበር። መውጫው ላይ ታጣቂዎቹ መንገድ ለቀቁልን፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ዳገቱን ስንጀምር ከወልድያ የመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ አጠገባችን አለፈ፣ ተሳፋሪዎቹም በመስኮት አዩን። ሾፌሩ መኪናውን ደጃቸው እንደቆመች ትቶ ከፊት በቀኝ በኩል ገብቶ ነበር። ሌሎቹ ሲቀባበሉ እሱ አልለቅም አለ። ዳገቱን ጨርሰን የደሴ ቤቶች ሲታዩን፣ «አውርዱኝ፣ በቃ» ያሉን መስሎን አወረድናቸው። ምንም አላሉም ነበር፤ ነፍሳቸው ወጥታለች። ሾፌሩ ብቻ ጫፉን እንደያዘ፣ ትከሻውን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ።