ግራው ጠርዝ ወደ ኋላ ሲመለስ

እህቴ ጨርቅ መርማሪ ነበረች። አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከስሩ መብራት የሚበራበት ጠረጴዛ ፊት ቆማ ትውላለች። ጨርቁ ከጥቅሉ እየተፈታ በጠረጴዛው ላይ ያልፋል፤ እሷ ዓይኗን ተክላ እንከን ስታይ ምልክት ታደርጋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሠራች። ማታ ማታ እየተማረች በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቀች፤ የጥጡ ብናኝ ግን ደረቷ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ስትስቅ እንኳ ያስላታል።

ክፍላቸው በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ የተነገራቸው ቦሌ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለሥራ ፈተና በጠራት ሰሞን ነው። የድርጅቱ ደንብ ክፉ ነበር፤ አንዴ የወደቀ ሁለተኛ አይጠራም። እንግዲህ ያንን ፈተና ካለፈች ከብናኙ ትወጣለች፣ ካላለፈች ደግሞ ወደ ሌላ ፋብሪካ ብናኝ ትገባለች። ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

አስጠኚዋ እኔ ነበርኩ። ወንድሟ፣ በአራት ዓመት ታላቋ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ «የአይቲ ባለሙያ» ተብዬ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ስጎትት የምውል ሰው። ሰው ፊት ግን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ቁጣም አለብኝ፣ አልደብቅም።

በዚያ ሰሞን የገላን ኮንዶሚኒየም ብሎካችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት አልነበረም። የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው የሞተ ስለሆነ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን በደብተር ነበር የምናጠናው። እኔ ኮዱን እጽፋለሁ፣ እሷ ትሸመድዳለች። እኛ ሰፈር ትምህርት ማለት ድሮም ይኸው ነው፤ መምህሩ የጻፈውን ሳያዛንፉ መልሶ መጻፍ።

ያን ቀን የደረስነው ተንሸራታች መስኮት የሚሉት ዘዴ ላይ ነበር። ጥያቄው፦ የፊደሎች ረድፍ ይሰጥሻል፤ አንድም ፊደል ሳይደገምበት ተያይዞ የሚሄደው ረጅሙ ቁራጭ ስንት ፊደል ነው? መስኮቱ ሁለት ጠርዝ አለው። ቀኙ ጠርዝ አንድ አንድ ፊደል ወደፊት ይራመዳል። እያንዳንዱ ፊደል መጨረሻ የታየበትን ቦታ መዝገብ ላይ እንይዛለን። ቀኙ ቀድሞ የታየ ፊደል ሲያገኝ ግራው ጠርዝ ያ ፊደል ከነበረበት ቀጥሎ ወዳለው ቦታ ይዘላል። በየእርምጃው የመስኮቱን ርዝመት እንለካለን፤ ትልቁን እናስቀራለን።

«ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ። የእኛ ጠረጴዛ ማለት ነው» አለችኝ። «ብርሃኑ ላይ ያለው ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየው፤ ያለፈው አልፏል።» ከዚያ እርሳሷን አፏ ውስጥ አድርጋ ደብተሩን ትክ ብላ አየችው። «ግን መዝገቡ እኮ ያለፈውንም ፊደል ይዞታል። ከመስኮቱ የወጣ ፊደል እንደገና ቢመጣስ? ግራው ወደ ኋላ ሊመለስ አይደል? ጨርቅ እኮ አይመለስም።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ትክክሉን ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን መልሱን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ሞቴ ነው።

«ኧረ ተይኝ በናትሽ!» ብዬ ጮህኩባት። «አሁን ፍልስፍና ነው የቀረሽ? የተጻፈውን ሸምድጂ! ስንት ምሳሌ ሠራን፤ አንዱ ተሳሳተ?»

እውነቴን ነው፣ አልተሳሳተም። ኤ፣ ቢ፣ ሲን ሁለት ጊዜ ደጋግመን ጽፈን በእጃችን ስናስኬደው ሦስት አለ። ቢን ብቻ አምስት ጊዜ ጽፈን አንድ አለ። ግራው ወደ ኋላ የሚመለስበት ምሳሌ ግን አንድም አልሠራንም። ሰኞ ቢሮ ገብቼ መብራት ባለበት ኮምፒውተር ላይ፣ እሷ እንዳለችው የሚመለስ ፊደል ሰጥቼ ብሞክረው ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ምን ሲደረግ! የጻፍኩት እኔ ነኛ።

ታላቅ ወንድም ከተቆጣ ዝም ይባላል፤ እንዲህ ነው ያደግነው። እህቴ ደብተሩን ወስዳ መስመሬን አምስት ጊዜ ጻፈችው።

የፈተናው ቀን የምሠራው ነገር አልያዝልህ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ስመጣ እሷ ቀድማኝ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እንዴት ሆነልሽ?»

«መስኮቱ መጣ» አለች። «ጽፌ ሰጠኋቸው። ከዚያ ፈታኙ አራት ፊደል ሰጠኝ፤ ኤ፣ ቢ፣ ቢ፣ ኤ። እስቲ በእጅሽ አስኪጂው አለኝ።»

እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ በጣቷ ቆጠረችልኝ። ሁለተኛው ቢ ሦስተኛ ቦታ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛ ላይ ስለነበር ግራው ሦስት ላይ ይቆማል። ከዚያ የመጨረሻው ኤ ይመጣል። መዝገቡ ኤ አንደኛ ቦታ ላይ ነበር የታየው ይላል። ግራው ከሦስት ተነስቶ ወደ ሁለት ተመለሰ። መስኮቱ ውስጥ ሁለት ቢ ገባ፣ ርዝመቱም ሦስት ሆነ። ትክክለኛው መልስ ሁለት ነው።

«ግራው ለምን ወደ ኋላ ሄደ አለኝ። ምን ልበለው? አመሰግናለሁ ብሎ ሸኘኝ።»

እዚህ ላይ የተናገርኩትን ብደብቀው ደስ ባለኝ። «አሳስተሽ ጽፈሽው ነው» አልኳት። «እኔ እንደዚያ አላስጻፍኩሽም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይሆናል ጋሼ» አለች። «ተረብሼ ይሆናል።»

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ከደብተሩ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ኤ፣ ቢ፣ ቢ፣ ኤ ብዬ ሰጠሁት። ሦስት አለኝ። አንድ ነገር ጨመርኩበት፦ መዝገቡ የሚለው ቦታ ግራው ካለበት ኋላ ከሆነ ግራው ከቦታው አይነቃነቅ። ሁለት አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ቤት ስገባ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ስታስል ሰማሁና ተመልሼ ወጣሁ። ነገ እያልኩ ቀናት አለፉ።

ክፍሉ በተባለው ቀን ተዘጋ። ከቃሊቲ ወዲያ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ከረጢት የምትሰፋበት ሥራ ተገኘላት። ዱቄት! ሐኪም ከብናኝ ራቂ ያላትን ልጅ።

ሥራ ልትጀምር በወጣችበት ጠዋት ታክሲ ወረፋ ይዛ ሳለ መታወቂያዋን ረስታ ደወለችልኝ። «አልጋዬ ላይ ያለው ፌስታል ውስጥ ነው ጋሼ፣ ሮጠህ አምጣልኝ።» ፌስታሉን ገለበጥኩት። መታወቂያው የፈተናው ቀን በተጻፈበት የረቂቅ መሞከሪያ ወረቀት ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱን ፈታሁት።

በእሷ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ መጀመሪያ የጻፈችው ትክክለኛው ነበር። ግራው ጠርዝ ካለበት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው መስመር፣ ማንም ሳይነግራት፣ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከስሩም ኤ፣ ቢ፣ ቢ፣ ኤ ብላ ራሷ ሞክራዋለች፤ ሁለት ይላል። ፈታኙ ሳይጠይቃት በፊት ማለት ነው።

ያንን መስመር በአንድ ጭረት ሰርዛ የእኔን ከበላዩ ጽፋበታለች። ከጎኑ በትንሹ፦ «ጋሼ እንዲህ ነው ያለው።»

ወረቀቱን እንደነበረ አጥፌ ፌስታሉ ውስጥ መልሼ፣ መታወቂያውን ይዤ እየሮጥኩ ወረፋው ጋ ደረስኩ። ታክሲው ሊሞላ ነበር።

«ምነው ቆየህ?» አለችኝ እያሳለች።

መታወቂያዋን ሰጠኋት።